ከጆሮ ወደ አፍ፦ ስፓኒሽን በአንድ ዓመት ለመግባባት የሚያበቃ የግል ጥናት ዕቅድ

«ስሰማው ይገባኛል፤ ልናገር ስል ግን አፌ ይያዛል።» ስፓኒሽን በማዳመጥ ብቻ የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። የሰሙትን ቃል ለይቶ ማወቅ አንድ ችሎታ ነው። ያንኑ ቃል በተፈለገበት ቅጽበት ከአእምሮ አውጥቶ፣ ግሱን ከባለቤቱ አስማምቶ መናገር ደግሞ ሌላ ችሎታ ነው። የመጀመሪያው በጆሮ ይገኛል፤ ሁለተኛው አፍ ካልሠራበት አይመጣም።

ከዚህ በታች የቀረበው ዕቅድ ሦስት መሣሪያዎችን ይጠቀማል፦ ፖድካስት፣ ሻዶዊንግ እና የዕለት ማስታወሻ። ሻዶዊንግ ማለት የተቀዳውን ተናጋሪ በግማሽ ሰከንድ ያህል ከኋላው እየተከተሉ፣ እሱ ሳያቋርጥ ድምፅ አውጥቶ አብሮ መናገር ነው። አስተርጓሚዎች ሲሠለጥኑ የቆየ ልምምድ ሲሆን፣ በግላቸው ቋንቋ በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ በይበልጥ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር አሌክሳንደር አርጌየስ ነው። እሱ ልምምዱን ቀና ብሎ በፍጥነት እየተራመዱ፣ ከፍ ባለ ድምፅ እንዲያደርጉት ይመክራል።

ብዙ ሰዎች ሦስቱን መሣሪያዎች እንደ ሦስት የተለያዩ የቤት ሥራዎች ያዩአቸዋል። ጠዋት አንድ ዝግጅት ያዳምጣሉ፣ ከሰዓት ሌላውን ይደግማሉ፣ ማታ ከሁለቱም ጋር የማይገናኝ ነገር ይጽፋሉ። እንዲህ ሲሆን የተሰማው ቃል ሳይደገም ይረሳል። ዕቅዱ የሚሠራው አንድ አጭር ቅጂ በሳምንቱ ውስጥ በጆሮ ገብቶ፣ በአፍ ተደጋግሞ፣ በመጨረሻ በተማሪው እጅ ስለራሱ ሕይወት ሲጻፍበት ነው።

ስንት ሰዓት ይፈልጋል?

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ ስፓኒሽን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሚቀሉት ቋንቋዎች ተርታ ይመድበዋል። ለሙያ ሥራ የሚያበቃ ደረጃ ላይ ለመድረስም ከ600 እስከ 750 የሚሆን የክፍል ሰዓት ይቆጥርለታል። የእኛ ግብ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ባወጣው የቋንቋ ደረጃ ምደባ «ቢ1» የሚባለው ላይ መድረስ ይበቃናል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው በመንገድ፣ በገበያና በሥራ ቦታ የሚያጋጥሙትን አብዛኞቹን ጉዳዮች ይፈጽማል፤ የደረሰበትን ይተርካል፤ ሐሳቡን ምክንያት ሰጥቶ ያስረዳል።

ለዚህ በቀን 40 ደቂቃ ቁጭ ብለው የሚያጠኑበት፣ 45 ደቂቃ ደግሞ በመንገድ ወይም በቤት ሥራ ላይ የሚያዳምጡበት ጊዜ ይመድቡ። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 8 ሰዓት ተኩል፣ በ50 ሳምንት 425 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱ ጊዜያት ግን እኩል አይደሉም። በመንገድ ላይ ያለው ጆሮን ያለማምዳል፤ ንግግርን የሚያመጣው የተቀመጡበት 40 ደቂቃ ነው። ቀን ከጠበበብዎ የመንገዱን ይቀንሱ፤ የተቀመጡበትን አይንኩ። ከ40ው ደቂቃ 20ው ለሻዶዊንግ፣ 15ቱ ለማስታወሻ፣ 5ቱ የትናንቱን እርማት ጮክ ብሎ ለማንበብ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይዞት የሚመጣው

ስለ ስፓኒሽ የሚጻፉ መማሪያዎች በብዛት የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። እነሱ «ከባድ» የሚሉት ለእኛ ቀላል የሚሆንበት ብዙ ቦታ አለ። የስፓኒሽ አምስት አናባቢዎች ከእኛ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ እና ኡ ጋር ይቀራረባሉ። ኝ እና ች በእጃችን ናቸው። «ግን» ማለት የሆነውን ፔሮ «ውሻ» ከሆነው ፔሮ የሚለየው ር መላላቱና መጥበቁ ነው፤ «ገና» የሚለውን ቃል አላልቶና አጥብቆ በሁለት ትርጉም ለሚጠቀም ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአናባቢዎች መካከል የምትገኘው የስፓኒሽ ብ ከንፈር ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ትወጣለች፤ እኛም «አበባ» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሰዋስዉም እንዲሁ ነው። በስፓኒሽ ባለቤቱ በግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚታወቅ «እኔ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ እኛም «ሄድኩ» ካልን በቂ ነው። «ራሴን ያመኛል» የምንለውን እነሱም ሰውየውን ተቀባይ አድርገው ሜ ዱኤሌ ላ ካቤሳ ይላሉ። ተማሪዎችን ብዙ የሚያስቸግሩት ሁለቱ ያለፈ ጊዜ ግሶችም በ«እሄድ ነበር» እና በ«ሄድኩ» መካከል ያለውን ልዩነት በአብዛኛው ይከተላሉ። ስለዚህ አዲስ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥምዎ በእንግሊዝኛ አዙረው አይረዱት፤ በቀጥታ ከአማርኛው ጋር ያስተያዩት።

ድካማችን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱም በቃሉ ውስጥ ድምፅ ከፍ ብሎ የሚወድቅበት ቦታ ነው። አማርኛ ቃላትን የሚለየው በመጥበቅና በመላላት እንጂ በዚህ ስላልሆነ ጆሯችን ያልፈዋል። አብሎ ሲባል ድምፁ መጀመሪያው ላይ ከወደቀ «እናገራለሁ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ከወደቀ «ተናገረ» ይሆናል። በፊደላችን ሁለቱም አንድ ሆነው ይጻፋሉ። እዚህ ላይ ለንባብ እንዲመች በግዕዝ ፊደል አሰፈርናቸው እንጂ፣ የእርስዎ ደብተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስፓኒሽ አጻጻፍ፣ ከነአናባቢ ምልክቱ መሆን አለበት። ሻዶዊንግ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም ይህን የድምፅ አወዳደቅ አፍ ውስጥ ስለሚያስገባ ነው።

አንድ ሳምንት፣ አንድ ቅጂ

ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ የሚሆን፣ የጽሑፍ ግልባጭ ያለው፣ ከበስተጀርባው ሙዚቃ የሌለበት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ቅጂ ይምረጡ። ለማሳያ በአራተኛው ወር አካባቢ ከሚያጋጥሙ ዓረፍተ ነገሮች የሚመስሉ ሁለት እንውሰድ፦ «አዬር ኢባ አል ሜርካዶ ኳንዶ ሜ ኤንኮንትሬ ኮን ኡን አሚጎ። አሲያ ሙቾ ኬ ኖ ሎ ቤያ፣ አሲ ኬ ፉይሞስ ኣ ቶማር ኡን ካፌ።» ትርጉሙ «ትናንት ወደ ገበያ እየሄድኩ ሳለ አንድ ጓደኛዬን አገኘሁ። ካየሁት ቆይቼ ስለነበር ቡና ልንጠጣ ሄድን» ነው።

ሰኞ ጽሑፉን ሳያዩ ሦስት ጊዜ ያዳምጡና የተረዱትን በአማርኛ በአንድ መስመር ይጻፉ። ማክሰኞ ግልባጩን አውጥተው እያንዳንዱን ቃል ይረዱ። ያልተረዱትን ነገር ሻዶዊንግ ማድረግ ድምፅ መቅዳት ብቻ ስለሆነ ይህ ቀን አይታለፍም። በዚያው ቀን እየሰሙ ሁለት ምልክት ያድርጉ። አንደኛው ድምፅ ከፍ የሚልበት ክፍለ ቃል ነው፤ ሜርካዶ ላይ «ካ»፣ ኤንኮንትሬ ላይ «ትሬ»። ሁለተኛው ቃላት የሚያያዙበት ቦታ ነው። ኮን ኡን አሚጎ ተብሎ የተጻፈው ሲነገር «ኮኑናሚጎ» ይሆናል፤ ቶማር ኡን ደግሞ «ቶማሩን»። ጀማሪ «በጣም ይፈጥናሉ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን መያያዝ ነው። ቃሉን ያውቀዋል፤ የት እንደሚያልቅ ግን አይሰማውም።

ረቡዕ ቅጂውን ከእያንዳንዱ ሐረግ በኋላ እያቆሙ ይድገሙ። ሐሙስ ሳያቆሙ፣ መጀመሪያ ጽሑፉን እያዩ፣ ቀጥሎ ሳያዩ አብረው ይበሉ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትለው ከወደቁ ያን ሐረግ ብቻ ለይተው ፍጥነቱን ወደ 0.8 ያውርዱት፤ ከዚያ በታች ከወረደ ድምፁ መዛባት ይጀምራል። ዓርብ ራስዎን በስልክ ይቅዱና ከዋናው ጋር እያፈራረቁ ያዳምጡ።

ሻዶዊንግ እየተበላሸ መሆኑን የሚያሳዩ ሦስት ምልክቶች አሉ። አንደኛው ማጉረምረም ነው፤ በቀረጹት ድምፅ ውስጥ የቃላቱ መጨረሻ፣ በተለይ ጾታን የሚለዩት ኦ እና ኣ፣ ብዙን የሚያመለክተው ስ ካልተሰሙ ፍጥነቱ ከአቅም በላይ ነው። ሁለተኛው ትርጉሙ መጥፋቱ ነው፤ ልምምዱን እንደጨረሱ ስለምን እንደሚያወራ በአማርኛ መናገር ካቃተዎ አፍዎ ብቻ ነው የሠራው። ሦስተኛው የራስን ድምፅ አለመስማት ነው። የጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ከፍ ካለ ስህተትዎን ይሸፍነዋል፤ አንዱን ጆሮ ነፃ ያድርጉት።

ቅዳሜ ቅጂው የእርስዎ የሚሆንበት ቀን ነው። ያጠኑትን መዋቅር ይዘው በራስዎ ገጠመኝ ይሙሉት። ገበያው ሥራ፣ ጓደኛው ጎረቤት ይሆንና «አዬር ኢባ አል ትራባሆ ኳንዶ ሜ ኤንኮንትሬ ኮን ሚ ቤሲና» ብለው ትናንት ወደ ሥራ ሲሄዱ ጎረቤትዎን እንዳገኟት ይጽፋሉ። መጀመሪያ በቃል ይናገሩት፤ ከዚያ ይጻፉት። እሑድ ዕረፍት ነው።

ማስታወሻው ምን ይሠራል?

የዕለት ማስታወሻ ሥራው ያልያዙትን ነገር ማሳየት ነው። በሦስተኛው ወር አምስት ዓረፍተ ነገር፣ በስድስተኛው ወር ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሲጽፉ መዝገበ ቃላት አይክፈቱ። ቃል ከጠፋብዎ በስፓኒሹ መሀል አማርኛውን ጽፈው ይለፉ። ሲጨርሱ ከጎደሉት ውስጥ አምስቱን ብቻ ይፈልጉ። የሚመርጧቸውም ነገ እንደገና የሚያስፈልጉዎትን ይሁኑ።

አንድ የጀማሪ ገጽ እንይ፦ «አዬር ዮ ፉይ ኣ ላ ትራባሆ። ዮ ኤራ ሙይ ካንሳዶ። ዮ ጉስቶ ኤል ካፌ።» ተማሪው «ትናንት ወደ ሥራ ሄድኩ። በጣም ደክሞኝ ነበር። ቡና እወዳለሁ» ማለቱ ነው። ሲታረም «አዬር ፉይ አል ትራባሆ። ኤስታባ ሙይ ካንሳዶ። ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ይሆናል። ትራባሆ ወንድ ስለሆነ ላ አይቀድመውም። ድካም የሚያልፍ ሁኔታ ስለሆነ ኤራ ሳይሆን ኤስታባ ይወስዳል። የመጨረሻው ደግሞ ከ«ቡና ደስ ይለኛል» ጋር የሚመሳሰል አነጋገር ነው፤ ደስ የሚያሰኘው ቡናው ስለሆነ ግሱ የሚስማማው ከቡናው ጋር ነው። ሦስት ጊዜ የተጻፈው ዮ፣ ማለትም «እኔ»፣ እና ዮ ጉስቶ የሚለው አባባል ከየት እንደመጡ ልብ ይበሉ። ተማሪው ከአማርኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ አዙሮ ነው ያሰበው።

እርማቱን በተቃራኒው ገጽ ላይ በንጹሕ ይገልብጡ፤ በኅዳጉ ላይም የስህተቱን ዓይነት በአንድ ፊደል ያመልክቱ። ለጾታ «ጾ»፣ ለግስ «ግ»፣ ለመስተዋድድ «መ» ይበቃል። በወሩ መጨረሻ ይቁጠሯቸው። «ግ» በልጦ ከተገኘና ስህተቱ ያለፈ ጊዜ ላይ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ወር የሻዶዊንግ ቅጂዎችዎ ያለፈ ታሪክ የሚተርኩ ይሁኑ። ማስታወሻው ምን እንደሚያዳምጡ የሚወስነው እንዲህ ነው።

አራሚ ግን ያስፈልጋል። በሁለት ሳምንት አንድ ገጽ ለሚከፈለው አስጠኚ ማሳየት ወይም HelloTalk በመሳሰለ የቋንቋ መለዋወጫ መተግበሪያ ለተወላጅ ተናጋሪ መላክ ይቻላል። ሳይታረም ለወራት የተጻፈ ማስታወሻ ስህተቱን ልማድ ያደርገዋል።

ዓመቱ በአራት ሲከፈል

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንግሊዝኛ ለሚያውቅ Language Transfer የተባለው ነፃ የድምፅ ትምህርት ጥሩ መነሻ ነው። 90 አጫጭር ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ዓረፍተ ነገርን ራስዎ እንዲገነቡ እያስገደደ ያስተምራል። እንግሊዝኛ የማይመቸው ሰው Dreaming Spanish ላይ ለፍጹም ጀማሪ ከተዘጋጁት ቪዲዮዎች ይጀምር፤ በሥዕልና በእጅ ምልክት እየታገዙ በስፓኒሽ ብቻ የሚቀርቡ ናቸው። በዚህ ጊዜ ሻዶዊንግ ማለት እያቆሙ መድገም ብቻ ነው፤ አብሮ ለመናገር አይቸኩሉ።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር Duolingo Spanish Podcast ይመቻል። በ2017 የጀመረው ይህ ዝግጅት እውነተኛ ታሪኮችን በቀላል ስፓኒሽ ያቀርባል፤ በመካከል በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ ግልባጭም አለው። ሳምንታዊው ዑደት ሙሉ በሙሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። በዚሁ ጊዜ ለሻዶዊንግ አንድ የአነጋገር ዘዬ ይምረጡ። ስፔን ማድሪድ ላይ ሴርቤሳ ለማለት ምላሳቸውን በጥርስ መካከል የሚያወጡበት ድምፅ በላቲን አሜሪካ ስ ብቻ ነው፤ ለብዙ ሰዎች «እናንተ» የሚባልበት ቃልም ይለያያል። ሁሉንም ያዳምጡ፤ አፍዎ ግን አንዱን ይከተል። ወደ ስፔን ያዘነበለ Hoy Hablamosን፣ ወደ ሜክሲኮ ያዘነበለ No Hay Tosን ከሰባተኛው ወር ጀምሮ መያዝ ይችላል። የአንዳንዶቹ ግልባጭ በክፍያ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት Radio Ambulante ይጨመራል። ከላቲን አሜሪካ አገራት የሚመጡ ረጅም ዘገባዎችን የሚያቀርብ፣ የስፓኒሽ ግልባጩን የሚያወጣ ዝግጅት ነው። ለተማሪ ተብሎ ስላልቀለለ መጀመሪያ ላይ ግማሹ ቢያመልጥዎ አይደንግጡ። ከአንዱ ዘገባ አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጠው ሳምንቱን ይሥሩበት።

ለብቻ የማይሆነው

ይህ ዕቅድ አንድ ክፍተት አለው። ፖድካስት ጥያቄ አይጠይቅም፤ ደብተር አያቋርጥም። ጭውውት ደግሞ ያልጠበቁትን መመለስ ነው። ስለዚህ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ 30 ደቂቃ ከሰው ጋር መናገር የዕቅዱ አካል ነው። ለዚያ ንግግር ርዕስ የሚሆነው የቅዳሜው ማስታወሻ ነው፤ ተናግረውት፣ ጽፈውት፣ ታርሞ ያለቀ ስለሆነ ባዶ እጅዎን አይገቡም። «ድገምልኝ»፣ «ምን ማለት ነው?»፣ «ቀስ ብለህ ንገረኝ» የሚሉትን አስቀድመው በስፓኒሽ ያጥኑ፤ ወደ ሌላ ቋንቋ ሳይሸሹ ጨዋታውን የሚያስቀጥሉት እነዚህ ናቸው።

አጋር ለማግኘት ውጭ አገር መሄድ ግድ አይደለም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች በኩባዋ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ተምረዋል። ከእነሱ መካከል ወደ አገር የተመለሱት ስፓኒሹን ከነአማርኛው የያዙ በመሆናቸው ስህተትዎ ከየት እንደመጣ ከማንም በተሻለ ይገባቸዋል። የኩባ አነጋገር በቃል መጨረሻ ላይ ያለውን ስ ስለሚውጥ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይቸገራል፤ ሁለት ሳምንት ይስጡት። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሰዎችን በሥራ ቦታና በሰፈሩ ያገኛል። እነሱ «አንተ» ለማለት በመማሪያው ካለው ቱ ይልቅ ቮስ ሲሉ ቢሰሙ ግር አይበልዎ፤ ለታላቅና ለማያውቁት ሰው ግን እንደ እኛው «እርስዎ» ኡስቴድ ይበሉ።

መድረስዎን በምን ያውቃሉ?

በየሦስት ወሩ አንድ መመዘኛ ያድርጉ። የሰነበተበትን ሳምንት ሳይዘጋጁ ለሦስት ደቂቃ ተናግረው ይቅዱና ከቀዳሚው ቅጂ ጋር ያስተያዩ። የሚለኩት ስንት ቃል እንዳወቁ አይደለም። ዝምታው ማጠሩን፣ የግሱ መጨረሻ መስተካከሉን፣ ድምፁ በትክክለኛው ክፍለ ቃል ላይ መውደቁን ይስሙ። በሁለት ተከታታይ ቅጂዎች መካከል ለውጥ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተቀመጡበት 40 ደቂቃ ወደ ማዳመጥ ብቻ መንሸራተቱ ነው። ወረቀት ለሚፈልግም፣ በ1991 የተመሠረተው ኢንስቲቱቶ ሠርቫንቴስ የሚመራው የዴሌ ፈተና የቢ1 ደረጃ አለው፤ የቃል ፈተናው 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

በ12ኛው ወር መጨረሻ ይህን መንገድ የተከተለ ሰው ዜና በሙሉ ፍጥነት ሁሉንም ላይሰማ ይችላል፤ ቀልድ ያመልጠዋል፤ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚሉት የግስ ቅርጾች ላይ ይሳሳታል። ከማያውቀው ሰው ጋር ግን ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ትናንት ምን እንደገጠመው በስፓኒሽ ብቻ ተጫውቶ ይነሣል። የመጀመሪያውን ቅጂ ዛሬ ይምረጡ፤ ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ።